አዚፋዬ ገንፎ ከሆነ በኋላ ሦስቱንም ምስር ቀቀልኩ

ደሴ ቤታችን እንግዳ ሊመጣ ነበር። ጾም ስለሆነ አዚፋ ልሥራ አልኩ። ድፍን ምስር አልቆ ክክ ብቻ ነበር ያለኝ። ምስር ያው ምስር ነው ብዬ ክኩን ጣድኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ውስጥ ፍሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ሎሚና ሰናፍጭ ብጨምርበትም ቢጫ ገንፎ ሆኖ ቀረ። ጎረቤታችን እማማ ቀመሱና፣ «ልጄ፣ ክክ ለወጥ ነው። አዚፋ ገለፈቱ ያለ ምስር ይፈልጋል» አሉኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። በሳምንቱ ሦስት ዓይነት ምስር አሰናዳሁ። ቀዩ ክክ ቤት ነበር። ቡናማውን ድፍን ከገበያ ገዛሁ። አረንጓዴውን፣ ጠፍጠፍ ያለውን፣ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት አመጣችልኝ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ለቅሜ አጠብኩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አድርጌ፣ ሳልዘፈዝፍ፣ በየተራ ጣድኩ።

ከመጣዴ በፊት ግን ከየዓይነቱ አንዳንድ ፍሬ በቢላ ሰንጥቄ አየሁ። የገበያው ቡናማ ምስር ውስጡ ቀይ ብርቱካናማ ነው! ለካ ቀዩ ክክ ሌላ እህል አይደለም። እንዲህ ያለው ምስር ገለፈቱ ወልቆ ሲከካ ነው ቀይ ክክ የሚሆነው። አረንጓዴው ግን ውስጡ ቢጫ ነበር። አረንጓዴ ምስር ብዙ ሲከርም ስለሚጠቁር፣ ገበያ ላይ ቡናማ መስሎ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ቀለም ብቻ አትመኑ፤ አንድ ፍሬ ሰንጥቁ።

ቀዩ በአሥር ደቂቃ ጠርዙ መበተን ጀመረ። በሩብ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ሟሟ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምስርን ሥጋ አንድ ላይ የያዘው ማጣበቂያ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይላላል። ድፍኑን ያን ጊዜ ገለፈቱ ይይዘዋል፤ ክኩን ግን የሚይዘው ነገር የለም። ለዚህ ነው ለቀይ ወጥ የሚሆነው። ራሱ ፈርሶ ወጡን ያወፍረዋል።

ቡናማው ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። በ25 ደቂቃ ላይ አንድ ፍሬ በሁለት ጣቴ ስጫን መሃሉ ላይ ጠጠር የሚል ነገር ተሰማኝ። በ32 ደቂቃ ያለ ትግል ተደፈጠጠ፣ ገለፈቱም አልተቀደደም ነበር። ትክክለኛው ሰዓት ያ ነው። ጥቂቱን እሳቱ ላይ ተውኩት። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ግማሹ ፈንድቶ ገለፈቱ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ለአዚፋ የሚሆነው ጊዜ ጠባብ ነው፣ ከመጨረሻው አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ይፈልጋል።

አረንጓዴው 40 ደቂቃ ፈጀ። እስከ 50 ብተወውም አብዛኛው ፍሬ ቅርጹን ይዞ ነበር። ትንንሹ ጥቁር አረንጓዴ ዓይነት ደግሞ ከዚህም በላይ ቅርጹን ይጠብቃል።

እነዚህ ደቂቃዎች የደሴ ናቸው። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ምስሩም ይዘገያል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ያው ቡናማ ምስር ቀድሞ ይበስልላታል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ነውና። እንደኔ ሰዓት ብትጠብቅ ይፈርስባት ነበር። እዚያው ሆናችሁ በጣት ሞክሩ።

ሁለተኛ ጊዜ ቡናማውን ስሠራ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ግማሹ ፈንድቶ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ቀረ። የከረመና የዘንድሮ ምስር ተቀላቅሎ ነው የተሸጠልኝ። የከረመው ቶሎ አይላላም። አሁን ስገዛ የጠቆረና የነጣ የተደባለቀ ካየሁ አልወስድም።

ሎሚውን ምስሩ ሳይበስል አትጨምሩ። አሲድ ማጣበቂያውን ስለሚያጠነክረው ያልበሰለው ምስር አይላላም። ቲማቲምም እንዲሁ። እኔ በመጀመሪያ ሁልጊዜ ቶሎ ነበር የምጨምረው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቡናማውን እንደገነፈለ እሳቱን ቀንሼ ቀስ ብሎ እንዲበስል አደርጋለሁ። ኃይለኛ እሳት ፍሬውን እርስ በርሱ እያጋጨ ይቀደዋል። ሲደርስ ወዲያው ውሃውን አጠልና በሰፊ ሳህን እበትነዋለሁ፣ ድስቱ ውስጥ ከቀረ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላልና። ሲቀዘቅዝ ሲሶውን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጬ ከቀረው ጋር አዋህደዋለሁ። ከዚያ ሎሚ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የተከተፈ ቃሪያና ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይትና ጨው። ለእማማም በሳህን አድርጌ ወሰድኩላቸው። አንድ ፍሬ በጣታቸው አንስተው አዩና፣ «ይሄ ነው አዚፋ» አሉኝ።