«ኤቫንቱዌልማን» እና የቅዳሜው ጥበቃ

ዛሬ ማታ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ማሞቂያው ተበላሽቶበታል። አከራዩ «ቅዳሜ ኤቫንቱዌልማን እመጣለሁ» ብላ ጽፋለት፣ ከቤት ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ ጠበቃት። አልመጣችም። «ዋሸችኝ» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

አልዋሸችም። እሱ በእንግሊዝኛው «ኢቬንቹዋሊ» ተርጉሞት «የኋላ ኋላ መምጣቷ አይቀርም» ብሎ ነው የተረዳው። በፈረንሳይኛ ግን «ምናልባት፣ ከተመቸኝ» ማለት ነው። «የኋላ ኋላ» ሲሆን «ፊናልማን» ይባላል።

መልሱን አብረን ጻፍን። «እንደ እውነቱ ከሆነ ጠብቄዎት ነበር» ሊል፣ የእንግሊዝኛው «አክቹዋሊ» መስሎት በ«አክቱዌልማን» ጀመረ። ይህም ቃል በፈረንሳይኛ «በአሁኑ ሰዓት» ማለት ነው! በ«አን ፌት» ቀየርነው። እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ እነዚህን ቃላት መዝገበ ቃላት ውስጥ አይፈልጋቸውም፤ የሚያውቃቸው ይመስለዋላ።

መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አስጨመርኩት፦ «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣሉ?»