የእቁብ ብር ባንክ እስኪገባ

እቁባችን እሑድ እሑድ የሚሰበሰብ ነው። አርባ ሰዎች ነን፤ በሳምንት 5,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 200,000 ብር ይወስዳል። ለእኔ የወጣልኝ በ12ኛው ሳምንት ነበር። ሱቅ ያላቸው ሁለት ዋሶች አቀረብኩ፣ ፈረሙልኝ፤ እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

ገንዘቡን በጥሬው አልቀበልም አልኩ። እሑድ ባንክ ዝግ ስለሆነ ብሩ እኔ ቤት ማደሩ ነው፤ ዕጣው ለማን እንደወጣ ደግሞ አርባ ቤተሰብ ያውቃል። በዚያ ላይ ከአርባ ሰው እጅ የተሰበሰበ ብር ውስጥ ሐሰተኛ ኖት ከተገኘ ባንኩ ይይዘዋል እንጂ አይመልስልህም፤ ማን እንደጣለው ማወቅም አይቻልም። ዳኛችን «ስንት ዓመት በጥሬው ስንሰጥ ኖረናል» ብለው ትንሽ ተቀየሙኝ። ደግነቱ እቁቡ በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ የጋራ ስም የተከፈተ ሒሳብ አለው። ከዚያ ላይ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ በስምሽ የሚጽፈው የክፍያ ማዘዣ፣ ይሠራልሽ ተባልኩ።

ሲፒኦው ተሠርቶ መጣ። የተጻፈው ግን ሰፈር በሚጠራኝ ስም ነው። ጸሐፊያችን የእቁቡን መዝገብ አይቶ ገልብጦታል፤ ከመታወቂያዬ ጋር ያመሳክር ዘንድ ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። መስኮት ላይ ያለው ልጅ አገላብጦ አየውና «እናቴ፣ ይህን ስም የሚያሳይ መታወቂያ አለዎት?» አለኝ። የለኝም። ዳኛው በስልክ ቢያስረዱት አልሰማም፤ ሥራ አስኪያጁም እንደዚያው። ሲፒኦ ላይ ስም አይሰረዝም፣ አይደለዝም። ያሠሩት ሰዎች ዋናውን ወረቀት ይዘው፣ ይሰረዝልን የሚል ደብዳቤ ፈርመው ማመልከት አለባቸው፤ ገንዘቡ ወደ እቁቡ ሒሳብ ሲመለስ ነው አዲስ ክፍያ የሚታዘዘው። ዳኛው ግን በማግስቱ ለለቅሶ አገር ቤት ሄዱ። ያለ እሳቸው ፊርማ ምንም አይንቀሳቀስም። እኔ የእቃ አከፋፋዩን ቀጠሮ አስተላልፌ፣ በየእሑዱ 5,000 ብሬን እየጣልኩ፣ የራሴን 200,000 ብር ወረቀት በመሳቢያ ቆልፌ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ስሙን አለመቀበላቸው አይደለም፤ ልክ ናቸው። የሚያናድደኝ ለመሰረዝ የሚያስፈልገውን ነገር በአንድ ጊዜ አለመንገራቸው ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ማኅተም ተባለ። እቁብ ማኅተም ከየት ያመጣል? በመጨረሻ የሦስቱ ፊርማ በቂ ሆነ፤ ለካ መጀመሪያም በቂ ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ ሲፒኦ አላሠራሁም። እቁቡ ሒሳብ ባለበት ባንክ የቁጠባ ደብተር ከፈትኩና ሦስቱ ፈራሚዎች ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እንዲያዛውሩልኝ አደረግሁ። ሠራተኛው የሒሳብ ቁጥሬን ሲያስገባ ስሜ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፤ አነበበልኝ፣ አዎ አልኩ፣ ገባ። ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ከመድረሱ በፊት ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ገንዘቡ ከየት መጣ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። አንዲት ጎረቤቴ «ከፋፍለሽ በተለያየ ቀን አስገቢው» ብላኝ ነበር። ይህን ምክር አትስሙ፤ ባንክ ቤት በይበልጥ የሚጠረጠረው እንዲህ ተሸራርፎ የሚገባ ገንዘብ ነው። እቁብ ነው በሉ፤ ዕጣው የወጣበትን ቀንና መጠኑን የሚገልጽ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት ወረቀት ያዙ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እኔ እስከዚያ ቀን የጣልኩት 60,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 140,000 ከእኔ በኋላ ከሚደርሳቸው ሰዎች ያለ ወለድ የተበደርኩት ነው፤ 28 ሳምንት እከፍለዋለሁ። ስለዚህ ባንኩ በጊዜ ገደብ አስቀምጪው ሲለኝ እንቢ አልኩ። ወለዱ ከፍ ይላል፤ ግን የእሑዱን መዋጮ ከየት አምጥቼ ልጣል?

ባንክ ቤቶች እቁብ ወለድ የለውም እያሉ ያጣጥሉታል። አርባኛው ዕጣ ላይ ለሚደርሰው ሰው እውነት ነው። በየሳምንቱ 5,000 ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ቢያስቀምጥ ኖሮ በአርባው ሳምንት ወደ 5,400 ብር ገደማ ወለድ ያገኝ ነበር፤ ከእሱም ግብር ይቀነሳል። መጨረሻ መውጣት ዋጋው ይኼው ነው። ቀድሞ ለወጣለት ግን ያለ መያዣና ያለ ወለድ ይህን ያህል የሚያበድር ባንክ አላውቅም። ደግሞም ቁጠባውን ያላስገባ ሰው ቤት መጥቶ የሚያንኳኳ የባንክ ሠራተኛ የለም፤ የእቁብ ዳኛ ግን ያንኳኳል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ፤ እቁቡ ያጠራቅምልኛል፣ ባንኩ ያስቀምጥልኛል።

ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። እቁብ ያለው ዋሱና የሒሳቡ ፈራሚዎች ብቻ ናቸው። የእቁቡ ሒሳብ በአንድ ሰው ስም ብቻ የተከፈተ ከሆነ አትግቡ፤ ያ ሰው ቢሞት ብሩ ከወራሾቹ እጅ እስኪወጣ ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ።