ከፈተና በፊት ለእህቴ ምን አልኳት?

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ መካሪ ነው። ታናሽ እህቴ በተፈተነችበት ዓመት እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲገባ «ዶክተሯስ?» ይላል። አጎቴ በስልክ «አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ ለአንቺ ቀላል ነው» ይላታል። አባዬ ደግሞ «አደራ፣ እንዳታሳፍሪን» ማለት ይወዳል። ሁሉም ከልባቸው ነው። እሷም ለሁሉም «እሺ» ትላለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ትተኛለች። አታጠናም፣ ትተኛለች።

ሒሳብ የማስጠናት እኔ ስለነበርኩ ይህን ቶሎ ልብ አልኩ። አንዳንድ ቃል ከሰማች በኋላ ደብተር ታነሳለች፤ አንዳንዱን ከሰማች በኋላ ብርድ ልብስ ትስባለች። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚያመጣ መከታተል ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወደቀው «ቀላል ነው» ነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከገባ ወዲህ ተማሪዎች ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ደረሰ። ይህን የምታውቅ ልጅ «ቀላል ነው» ስትባል ወይ ተናጋሪው ስለ ፈተናው ምንም አያውቅም ትላለች፣ ወይ ደግሞ ለሌላው ቀላል የሆነው እኔን ለምን ከበደኝ ብላ ታስባለች። ሁለተኛው የባሰ ነው። «ታልፊያለሽ፣ አውቃለሁ» የሚለውም ያው ነው። ከየት አወቅክ? እህቴ ይህን አፍ አውጥታ አትጠይቅም፣ ግን ዓይኗ ላይ ይነበባል።

«ዶክተሯ» የሚለው ትንሽ ረቀቅ ይላል። ስድብ አይደለም፣ እንዲያውም ፍቅር ነው። ግን ገና ያልተፈተነችውን ልጅ ነጭ ጋዋን አልብሶ ሰፈር መሀል ያቆማታል። ከወደቀች የምትወድቀው በሰው ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በትለርና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ከባድ ሥራ አሠርተው ነበር። የሚደግፋቸው ተመልካች ፊት የሠሩት ድጋፉ እንደረዳቸው ይሰማቸው ነበር፤ ውጤታቸው ግን ያነሰ ሆነ። ይህን ሳነብ የእኛን ሳሎን ነው ያየሁት።

ታዲያ ጎረቤትን ዝም በሉ አይባልም። እማዬን «በውጤት ቀን ነው ዶክተር የምትሏት በያቸው» አልኳት፤ እየሳቀች ነገረቻቸው፣ አብዛኞቹም ተዉ። አባዬ ጋ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር። አባትን «እንዲህ አትበላት» ማለት በእኛ ቤት አይሞከርም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አቀበልኩት፦ «አባዬ፣ ዛሬ የትኛውን ምዕራፍ እንደጨረሰች ጠይቃት እስቲ።» ማታ ጠየቃት። ስለ ዘረመል ስታወራው እራት ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ «አደራ» የሚለው ቃል ከአፉ ባይጠፋም በመሀሉ ጥያቄ ገባበት፤ ያ ደግሞ ክብደቱን ቀነሰው።

እኔ ራሴ ምን እላታለሁ? የያዝኩት መንገድ ማስረጃ ነው። የሠራቻቸውን የሞዴል ፈተና ወረቀቶች አልጥልም ነበር፣ ቀን እየጻፍኩ በፌስታል አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን የሊሚት ጥያቄ መጣ። x ወደ 3 ሲጠጋ (x² − 9)/(x − 3) ስንት ይሆናል የሚል። ታኅሣሥ ላይ ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ስትሠራ በቀጥታ 3ን ተክታ 0/0 አገኘች፣ «መልስ የለውም» የሚለውን ከበበች። ግንቦት ላይ ግን ላይኛውን (x − 3)(x + 3) ብላ በተነችው፣ ተመሳሳዩን አጣፋች፣ 6 ብላ ጨረሰች። የታኅሣሡን ወረቀት አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አልኳት። «እኔ» አለች። «ይሄንንስ?» «እኔ።» ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ፈገግ አለችና ቀጣዩን ጥያቄ ጀመረች።

«ጎበዝ ነሽ» ብላት ሊያከራክራት ይችላል። ሁለቱን ወረቀት ግን ማስተባበል አትችልም፤ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የማበረታቻ ቃሌ ሁሉ ቀንና ርዕስ ነበረው። «ባለፈው ሳምንት አልጨረስሽም፣ ዛሬ ሰዓት ተርፎሽ መልሰሽ አየሽ» እንደማለት ያለ። የሚያሳየው ማስረጃ በሌለበት ቀን ደግሞ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አፋችን «በርቺ» ለማለት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከፈተናው አሠራር ነው። ተፈታኞች ግቢ ሲገቡ ስልክ ይዘው አይገቡም። ዶርም እያደሩ ቀናት ያሳልፋሉ። ማታ ደውለህ «አይዞሽ» ማለት የለም። ስለዚህ ይዛው የምትገባው ቃል እሷ ጭንቅላት ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ራሷ ለራሷ የምትለው መሆን አለበት። ደግሞም መንፈስ ከሚያነሳ ቃል ይልቅ እጅ የሚያንቀሳቅስ ቃል ነው የፈለግነው። እህቴን የሚጥላት ጭንቀቱ ራሱ አልነበረም፣ አንድ ጥያቄ ሲቆልፍባት እዚያው መቅረቷ ነበር። ሞዴል ፈተና ላይ አንዱን ጥያቄ ስትታገል ከኋላ ያሉት ቀላል ጥያቄዎች ሳይነኩ ሰዓት ያልቃል።

ቁጭ ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራን፦ «ከቆለፈብኝ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ፣ በኋላ እመለሳለሁ።» በቃ ይኼው ነው። ግን በወሬ አልተውነውም። ሞዴል ፈተና ስትሠራ ስልኬ ላይ ሰዓት እሞላለሁ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ስትቆይ ካየሁ ጠረጴዛውን አንዴ መታ አደርጋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በለሆሳስ ብላ ታልፋለች። ቀስ በቀስ መታ ማድረጉን ተውኩት፣ እሷ ግን ማለፉን ቀጠለች። የምትዘልለውን ቁጥር መልስ ወረቀቱ ላይም መዝለል እንዳትረሳ አብሮ መለማመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከዚያ በኋላ የምታጠቁረው ክብ ሁሉ በአንድ ይዛነፋል። ይህ ስህተት ልምምድ ላይ ደርሶብን ስለነበር በየገጹ መጨረሻ ቁጥሩን ታመሳክራለች።

ሦስተኛው የልብ ምት ጉዳይ ነው። ፈተና ሲደርስ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ልቧ ይመታል። ሁሉም ሰው «ተረጋጊ» ይላታል። እንደኔ ለተፈታኝ ከዚህ የማይጠቅም ትእዛዝ የለም። የሚመታ ልብ ስለታዘዘ አይቆምም፤ ልጅቷ ግን አሁን ሁለት ጭንቀት ይኖራታል፤ አንዱ ፈተናው፣ ሌላው አለመረጋጋቷ። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ንግግር ወይም የሒሳብ ፈተና ሊጀምሩ ያሉ ሰዎች ራሳቸውን «ተረጋጋ» ከማለት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ሲሉ የተሻለ ሠርተዋል። እህቴ «ጓጉቻለሁ» በይ ብላት ትስቅብኛለች፤ ለፈተና የሚጓጓ ሰው አታውቅም። ስለዚህ በራሷ አነጋገር «ደሜ ሞቋል» ሆነ። ከሞዴል ፈተና በፊት እጇን እያፍተለተለች «ደሜ ሞቋል» ስትል እኔም «ጥሩ፣ እንግዲህ ሥሪበት» እላለሁ። ልቧ መምታቱን አላቆመም። ለምን ይመታል እያለች መጨነቋን ግን ተወች።

«አይዞሽ»ንስ የት አደረግኳት? አልጣልኳትም። ቦታዋን ነው የቀየርኩት። ምንም ያልሆነችን ልጅ ጠዋት በር ላይ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብትላት «ምን ሊመጣ ነው?» ትላለች። የኬሚስትሪ ሞዴል ፈተና አበላሽታ ስታለቅስ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያልኩት እሱን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስለ ጥናት ዕቅድ ማውራት ጭካኔ ነው። ዕቅዱን በማግስቱ አወራን።

ፊዚክስ ላይ ግን ቃል አልሠራም። የ11ኛ ክፍሉን ፊዚክስ በደንብ አልተማረችውም፣ ጊዜውም አልበቃም። እዚያ ላይ «ትችያለሽ» ማለት ውሸት ስለሚሆን ያልኳት ሌላ ነው፦ «የምታውቂያቸውን ምዕራፎች ጥያቄ መጀመሪያ ልቀሚ። ሌላው ከ600 ውስጥ የሚታሰብ ነው።» ውጤቱ የሚደመረው ከስድስት ትምህርት ስለሆነ አንዱ ቢጎድል ሌላው ሊሞላው ይችላል። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርተን ስታይ ትከሻዋ ወረድ አለ። ግማሽ ያላመጣ ተማሪም ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚቆርጠውን ነጥብ ካሟላ በሪሚዲያል የሚገባበት መንገድ እንዳለ ነገርኳት። አባዬ ይህን ስነግራት ሰምቶ «ለምን ታዘናጋታለህ?» ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን በዚያ ሳምንት ከወትሮው በላይ ነው ያጠናችው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ማጥናት ለሁሉም ሰው አይሆንም።

የጉዞው ጠዋት ብዙ አልተነጋገርንም። እማዬ ግንባሯን ስማ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፣ ቀኝ ያውልሽ» አለቻት። እህቴ በዚያ ሰሞን ከሰማችው ሁሉ ያቃለላት ይሄ ይመስለኛል። ምርቃት ከተመራቂው ምንም አይጠይቅም። አደራ የለበትም፣ ትንቢት የለበትም። ልጅቷ የድርሻዋን ትሠራለች፣ ከእሷ በላይ የሆነውን ለላይኛው ይተዋል። እኔ ደግሞ «ከቆለፈብሽ?» አልኳት። «ምልክት አድርጌ አልፋለሁ» አለችኝና ገባች።

ግማሹን አለፈች፣ ፊዚክሷም እንደጠበቅነው ዝቅተኛው ሆነ። ቃላቱ ስንት ነጥብ እንደጨመሩላት መለየት አልችልም፤ ማጥናቷን እኔ አላጠናሁላትም። ሒሳብ ላይ ግን ሳትነካው የቀረ ጥያቄ እንደሌለ ነገረችኝ፤ ልምምድ ላይ የሚያስቸግራት እሱ ነበር።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ለሥራ ኢንተርቪው ሲሄድ ይህንኑ መንገድ ወሰድኩ። ማታ በቴሌግራም «ይቅናህ» ከማለቴ በፊት «ባለፈው መሥሪያ ቤትህ የሠራኸውንና የምትኮራበትን አንድ ሥራ በድምፅ ላክልኝ፣ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ» አልኩት። የመጋዘን ቆጠራ እንዴት እንዳስተካከለ ላከልኝ። መጀመሪያው ተንዛዛ፤ አሳጥሮ ደግሞ ላከ። «የማታውቀው ጥያቄ ከመጣ ምን ትላለህ?» አልኩት። አስቦ «ይህን አልሠራሁትም፣ የሚቀርበውን ግን ልንገርዎት እላለሁ» ብሎ ጻፈ። ጠዋት ያቺኑ የራሱን ሁለተኛ ድምፅ መልሼ ላክሁለት፣ ከሥሯ «ይቅናህ» ብዬ።