ንግግሩን ላንብብ፣ በማስታወሻ ልናገር ወይስ በቃሌ ልያዝ?

የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሊያስመርቅ ሲል፣ በቀድሞ ተማሪዎች ስም ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅኩ። የተሰጠኝ 7 ደቂቃ ነው። ከፊት የሚቀመጡት የከተማው ኃላፊዎች፣ መምህራንና ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ናቸው። ስም መዝለል ነውር ነው። ዝም ብሎ ማንበብም ሰዉን ያሰለቻል።

መጀመሪያ ሙሉውን ጻፍኩት። በየትኛውም መንገድ ብናገር ይህን አልተውም፤ ሰዓቱን የምለካው በጽሑፉ ነውና። ለሕዝብ ሳነብ በደቂቃ 90 ቃል ገደማ ስለምሄድ፣ ለ7 ደቂቃ 550 ቃል በቂዬ ነው። የቀረው ለጭብጨባና ለትንፋሽ ይሁን ብዬ ተውኩት።

የአማርኛ መምህራችን የነበሩት ጋሼ ግን ወረቀት ማየት አልወደዱም። «ልጄ፣ በቃልህ ያዘው። ያቀረቀረ ሰው ማን ይሰማዋል?» አሉኝ። እሳቸው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፤ ዳዊትን በቃላቸው ይወጡታል። ምክራቸውን አክብሬ ሞከርኩት። መያዜን ያረጋገጥኩት በእህቴ ነው። ከመሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ታነብልኛለች፣ እኔ ከዚያ እቀጥላለሁ። ለመቀጠል ወደ አንቀጹ መጀመሪያ መመለስ ካስፈለገኝ፣ የያዘው ምላሴ ነው፤ ሐሳቡ ገና አልገባኝም ማለት ነው። እንዲህ የተያዘ ንግግር አዳራሹ ውስጥ አንድ ሕፃን ቢያለቅስ ይበጠሳል። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሳይሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ነው። ስለዚህ በቃሌ የያዝኩት መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ ሆነ።

ሙሉ ጽሑፍ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ ከወረቀት ነው ያነበቡት። ንግግሩ ይተረጎማል፣ በመዝገብም ይቀመጣል፤ እንዲህ ባለ ቦታ አንዲት ቃል መዛነፍ የለባትም። የእኔ መድረክ ትንሽ ቢሆንም የለጋሾች ስምና የብር መጠን አለበት። ያንን ክፍል ከነፕሮቶኮሉ ሙሉ በሙሉ ከወረቀት ለማንበብ ወሰንኩ።

አማርኛ ሲነበብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ነው፤ ተደረገ ወይም አልተደረገም የሚለው የሚታወቀው እዚያ ነው። ብዙ አንባቢ መሃል ላይ ቀና ይልና ግሡን አቀርቅሮ ይጨርሰዋል። ዋናው ነገር ወደ ወረቀቱ ይነገራል ማለት ነው። እኔ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ሁለት ሦስት ቃላት አሰመርኩባቸው። በአንድ እይታ አንስቼ፣ ሰዉን እያየሁ እላቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱንም በፊደል ጻፍኩት፤ አሃዝ ሲያዩ ምላስ ይተሳሰራል። የሚጠብቅ ፊደል ላይ ነጥብ አደረግኩ፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ሌላ ነውና። ፊደሉ 18 መጠን ነው፤ የገጹ ታችኛው ሲሶ ባዶ ነው፣ አንገት እንዳይሰበር። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገርም፤ ወረቀቱም በስቴፕለር አይያያዝም።

መሃለኛውን፣ ማለትም ስለ ትምህርት ቤቱ የማወራበትን ክፍል፣ በማስታወሻ አደረግኩት። ማስታወሻው ግን ነጠላ ቃል አይደለም። ካርዱ ላይ «መጽሐፍ» ብቻ ብጽፍ፣ መድረክ ላይ ስለ መጽሐፍ ምን ልበል ብዬ ማሰብ ልጀምር ነው። ያሰፈርኩት እንዲህ ነበር፦ «ለሦስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ስለነበረን፣ ማታ ማታ በተራ ወደ ቤት እንወስደው ነበር።» ይቺን ካየሁ በኋላ የማን ተራ እንደነበር፣ መጽሐፉ በጋዜጣ እንዴት እንደሚሸፈን ማውራት አይቸግረኝም። እንዲህ ያሉ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ። ከወረቀት ማንበብና በማስታወሻ መናገር ልዩነታቸው የሚሰማው ሲወራ ነው፤ በማስታወሻ ስናገር ዓረፍተ ነገሮቼ ያጥራሉ፣ «እኮ» እና «እንግዲህ» በራሳቸው ይመጣሉ።

በዕለቱ ይመጣሉ የተባሉት ኃላፊ ቀሩና ተወካያቸው መጡ። ፕሮቶኮሉ ወረቀት ላይ ስለነበር ስሙን በእርሳስ ሰርዤ አስተካከልኩ፤ በቃሌ ቢሆን ኖሮ ያጠናሁት ስም ከአፌ ማምለጡ አይቀርም ነበር። ፕሮግራሙም ዘግይቷል። መድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ በ4 ደቂቃ ጨርስልን» አለኝ። ሰዓት ካጠረ ይቀራሉ ብዬ አስቀድሜ ጥጋቸውን ያጠፍኳቸው ሁለት ካርዶች ነበሩ። እነሱን ኪሴ ከተትኩ። ሦስተኛውንም ከካርዱ አንብቤ ሳላብራራ አለፍኩ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ብቻውን ይቆማል። ስሞቹና መዝጊያው አልተነኩም።