እንኳን ለቁልቢ ገብርኤል አደረሳችሁ!

ወዳጆቼ፣ ታኅሣሥ 19 ደረሰ። ድሬዳዋ ከወዲሁ በእንግዳ ተጨናንቃለች። የተሳላችሁ ስለታችሁ ይድረስ፤ ልጅ ለክርስትና ይዛችሁ የምትወጡም ልጃችሁን ያሳድግላችሁ።

ዘንድሮ ግን እማማ የሉም። ግንቦት ላይ አረፉ። የሰፈራችንን የእግር ጉዞ ስንት ዓመት ከፊት ሆነው የመሩት እሳቸው ነበሩ። ወጣቶቹ ከደንገጎ ይነሳሉ። እኛ አዛውንቶቹን ይዘን ከላንጌ ነው የምንጀምረው፣ ቀኑን ሙሉ እያረፍን። አዛውንት ከኋላ ከሆነ ልድረስ ብሎ ይሮጣል፤ ደክሞ ይገባል። ስለዚህ እማማ ይቀድሙ ነበር፣ ማንም አያልፋቸውም ነበር። እያወሩ ከሄዱ እርምጃው ልክ ነው። ወሬያቸውን ለትንፋሽ ካቋረጡት እንቀመጥ ነበር።

አምና ላይ ድንገት ዝም አሉ። ዳገትም አልነበረም። እጃቸውን ስይዘው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል። «ደህና ነዎት?» ብላቸው የማይገናኝ ነገር መለሱልኝ። የስኳር ክኒናቸውን ጠዋት ውጠዋል። ጾም ነው ብለው ግን እህል አልቀመሱም፤ የነፍስ አባታቸው ቁርስ ብይ ብለዋቸው እንኳ። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ መንገድ ሲጨመርበት ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል።

መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሙስሊም እህታችን ሮጣ ለስላሳ አመጣች። ግማሽ ጠርሙስ ቀስ ብለው ጠጡ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። «ምነው ከበባችሁኝ?» ሲሉን ዳቦና ሙዝ አበላናቸው፤ ለስላሳው ብቻውን ቶሎ ያልቃልና። ራሳቸውን ስተው ቢሆን ኖሮ አፋቸው ውስጥ ምንም አናደርግም ነበር፤ ያንቃል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ያቺ እህት ገንዘብ አልተቀበለችንም። አላህ ይስጥሽ፣ የኔ እናት።

ዘንድሮ እናትና አባቱን ይዞ የሚወጣ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ክኒኑንና ጾሙን ከሐኪምና ከነፍስ አባት ጋር ይጨርስ። ስኳር ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳ ግርጌ አይደለም። የድሬ ሰው ብርዱን ይንቃል፤ ጋቢ አትርሱ። አዲስ ጫማ አታድርጉላቸው። እግሬን አቃጠለኝ ካሉ ውኃ ሳይቋጥር እዚያው አውልቃችሁ እዩት። ደጀ ሰላሙ ላይ ግፊያው ከባድ ነው። ስልክም አይሠራ ይሆናል፤ የምትገናኙበትን ቦታ ሳትገቡ ተነጋገሩ።

አምና እማማን እስከ ቅጽሩ ደግፎ ያደረሳቸው የባጃጅ ሾፌራችን፣ መልአኩ ይጠብቅህ። እናንተ በመኪና የምታልፉት ደግሞ ጥሩምባውን ተዉት፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ስታዩ ፍሬን ያዙ። እማማ፣ ነፍስዎን ይማር። ሐሙስ ማታ የሚነሳው ቡድን ስንቅ የሚያዘጋጀው እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው፤ ልጅዎ ቆሎውን ቆልታ ጨርሳለች።