የጥራት ተቆጣጣሪዋ ቀኖች

የምሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነው። በራችንን የሚያንኳኩት በአብዛኛው ጣታቸውን መርፌ የወጋቸው ወይም ቁርስ ሳይበሉ ገብተው ራሳቸውን ያዞራቸው ወጣት ሠራተኞች ናቸው። የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዋ በዚያ ማክሰኞ ብቅ ሲሉ ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ ገባኝ፤ ሰኞ ዕለት የሆነውን ፋብሪካው በሙሉ ሰምቷል።

ኮሌታቸው የተጣመመ ሸሚዞች እንደታሰሩ ወደ አንዲት ልጅ መኪና ወርውረው፣ በመስመሩ ሁሉ ፊት ጮኸውባታል። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች፣ የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ ለኃላፊዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። እኚህ ሴት ስፌት ሲሳሳት ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህን ፈትተሽ ድገሚው» ብለው በዝግታ የሚያልፉ ነበሩ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች እሳቸው ባሉበት መስመር እንዲመደቡ ይለምኑ ነበር።

«ሲስተር፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ስጪኝና ልሂድ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«እትዬ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ። እንቅልፉን ምን ነሣዎት?»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሌሊት ልብሳቸው በላብ ርሶ ይነቃሉ። ይቀይራሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ፣ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ዓይናቸው አይከደንም። ቀን ደግሞ በድንገት ከደረታቸው ሙቀት ይነሣና ወደ አንገታቸውና ወደ ፊታቸው ይወጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ያነዳቸውና ትቷቸው ሲሄድ ይበርዳቸዋል። እያወሩኝ ሳለ መጣባቸው። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገፈፍ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የካርቶን ክዳን አንሥተው ማራገብ ጀመሩ፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

በሰፈራቸው ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብለው መድኃኒት ወስደዋል። ትኩሳት ተለክቶላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው አንድም ጊዜ አልተገኘባቸውም። ታይፎይድ ደግሞ በተከታታይ ቀናት የሚቆይ ትኩሳት ያስከትላል እንጂ ለጥቂት ደቂቃ መጥቶ አይጠፋም። በኋላ ጎረቤት ጠበል መክሯቸው ቀን ቆረጡ፤ ዋዜማው ላይ የወር አበባቸው ያለጊዜው መጣና ቀሩ።

«ያለጊዜው ሲሉ?»

«ዘንድሮማ ጊዜ የለውም። ቅዳሴ የምገባበትን ቀን እንኳ ማወቅ አቃተኝ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር።

ለቁርባናቸው ሲሉ የወር አበባቸውን ቀን ለዓመታት በኪስ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ሲያደርጉ ኖረዋል። ከቦርሳቸው አወጡልኝና አብረን ቆጠርን። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ መቁጠሩ ቀላል ነው። ባለፈው ዓመት ከ27 እስከ 29 ባለው ቀን ውስጥ ሳያዛንፍ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ መስከረም 4 መጣ፣ ከዚያ መስከረም 29፣ ከዚያ ጥቅምት 20፣ ከዚያ ኅዳር 28፣ ከዚያ የካቲት 2። ልዩነቱን በወረቀት ጻፉት ብያቸው በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ 25፣ 21፣ 38፣ 64።

ወረቀቱን ዝም ብለው አዩት። ሥራቸው ልክ ከልክ ማስተያየት ነውና ቁጥሩ ለእሳቸው ከእኔ ማብራሪያ የበለጠ ተናገረ። «አርባ ሰባት ዓመቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናቴም በዚህ ዕድሜዋ ብርድ ልብሱን እየገፈፈች በር ከፍታ ትቀመጥ ነበር። እኛ ልጆቿ ኀዘን ነው እንል ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ በሞተ ሰሞን ስለነበረ።»

ከዚያ በኋላ የነገርኳቸው ይህን ነው። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ሳይታይ ዓሥራ ሁለት ወር ሲሞላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ዓመታትን የሚወስድ ሽግግር አለ። መጀመሪያ በተከታታይ በሚመጡት ዑደቶች መካከል ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ልዩነት እየተደጋገመ ይታያል፤ ስድሳ ቀንና ከዚያ በላይ መዝለል ሲጀምር ሽግግሩ ወደ ኋለኛው ክፍሉ ገብቷል። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በእኩል አይወርድም። አንድ ወር ከፍ ይላል፣ በሌላው ያሽቆለቁላል። ይህ መዋዠቅ የሰውነትን ሙቀት፣ እንቅልፍንና ስሜትን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያውካል። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ደግሞ ጠዋት ላይ ትዕግሥቱ አጭር ነው።

«ታዲያ ልጅቷ ላይ የጮኽኩት በዚህ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ሙሉ አዎ ማለት አልፈለግሁም። ልጅቷ ተዋርዳለችና ይቅርታ ይገባታል፤ እሳቸውም ይህን አልካዱም። ግን የሰኞው ቁጣ የመጣው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ሰውነት መሆኑን ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ጠባዬ ተበላሸ ብሎ ራስን መርገም አንዲት ሴት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይቻለሁ።

የሆርሞን ምርመራ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ላለች ሴት ዕድሜዋና ዑደቷ ይበቃሉ፤ የአንድ ቀን የደም ውጤት ዛሬ ከፍ ብሎ በሚቀጥለው ወር ሊወርድ ስለሚችል ያሳስታል። የግድ የነበረው ሌላ ነው። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አደረግን፣ ምክንያቱም ዑደቱ ተዛባ ማለት መጸነስ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነፍሰ ጡር አልነበሩም። በመርፌም ሆነ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ እንደማይጠቀሙ አጣራሁ፤ እነዚህም ደም ያዛባሉና። የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ላብና ንጭንጭ ያመጣል፣ ለእሱ ደማቸው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ሄዶ ደህና ሆኖ ተመለሰ። ሄሞግሎቢናቸው ግን 9.8 ነበር፤ ለሴት ቢያንስ 12 ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ለምትኖር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

የየካቲቱ ደም ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ጓል እየወረደ በየሰዓቱ ሞዴስ ያስቀይራቸው እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። እንቁላል በማይወጣበት ወር ፕሮጀስትሮን አይመረትም፤ የማኅፀን ግድግዳው ያለ ልክ ይወፍርና ሲፈርስ ብዙ ደም ይወርዳል። ይህ የሽግግሩ የተለመደ ነገር ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚህ ዕድሜ ከሰባት ቀን የሚያልፍ ወይም እንዲህ የሚበዛ ደም፣ እንዲሁም በዑደቶች መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍም። የብረት እንክብል ጀመርንላቸው፣ ከቡና ጋር እንዳይወስዱት ነገርኳቸው፣ ወደ ማኅፀን ሐኪምም ላክኋቸው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ካየ በኋላ ከማኅፀን ግድግዳቸው ናሙና ወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥራ ሲገቡ ሳያዩኝ አያልፉም ነበር። ካንሰር አልተገኘም፤ ለደሙ መድኃኒት ታዘዘላቸው፣ ስለ ሆርሞን ሕክምናም ጥቅምና ጉዳቱ ተነገራቸው፤ እያሰቡበት ነው።

ከካውያው ክፍል አጠገብ የነበረው ጠረጴዛቸው ወደ መስኮቱ እንዲዛወር ለአስተዳደሩ ጻፍኩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ተፈቀደ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው አልወጣም። ልጅቷን ግን በዚያው ሳምንት መኪናዋ ድረስ ሄደው፣ መስመሩ ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠይቀዋታል። አሁንም ሌሊት የሚነቁባቸው ቀናት አሉ። ጠዋት ሲገቡ ለምክትላቸው «ዛሬ አልተኛሁም፣ የሚመለሰውን ሥራ አንቺ አነጋግሪያቸው» ይላሉ።