ሦስት የእናቶች ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ

የምሠራው ጽጌረዳ በሚልክ የአበባ እርሻ፣ ሽያጭ ክፍል ውስጥ ነው። የዛሬው ገጠመኝ የ2016 ዓ.ም. ኅዳር ማለቂያ ላይ የሆነ ነው። ሆላንድ ያለ አንድ ደንበኛችን የ2024ን ትዕዛዝ ላከ። ከትዕዛዙ መካከል አንዱ መስመር «ለእናቶች ቀን፣ ለእንግሊዝ ሱፐርማርኬት» ይላል። ቀን የለውም። ደንበኛው ቀኑን ባለመጻፉ አልደነቅም፤ ለእነሱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ለፕላን ስብሰባ ተቀመጥን። የፕላን ክፍሏ ልጅ ስልኳ ላይ ፈልጋ ስለነበር «ሜይ 12 ነው» አለች። የእርሻ ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእንግሊዙ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው ልጄ። ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው፤ ስለዚህ ሚያዝያ 6 ማለት ነው።»

በፈረንጁ ሲቆጠር ኤፕሪል 14 ሆነ ማለት ነው። የኮልድ ሩም ተቆጣጣሪው ደግሞ የአምናውን ፋይል ከፍቶ «እኛ ጋ የተጻፈው ማርች 19 ነው» አለ። አንድ ትዕዛዝ፣ ሦስት ቀን። ደግሞ ከሦስቱ አንዱም ትክክል አልነበረም።

ለአበባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጽጌረዳ ትዕዛዝ ሲመጣ ሄደው የሚቆርጡት ነገር አይደለም። አንድ ብሎክ በተፈለገው ሳምንት በብዛት እንዲያብብ ቀድሞ ፒንች ይደረጋል። ቡቃያው ይቀነጠሳል፣ ተክሉ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ ቀንበጡ አድጎ እምቡጥ ይይዛል። እኛ ያለንበት ደጋ ስለሆነ ይህ አሥር ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ኮልድ ሩም፣ ፓክሃውስ፣ የቦሌ ካርጎ፣ ከዚያ አውሮፓ ላይ እቅፍ የሚያስሩት ሰዎች፣ ከዚያ ሱቅ። ለዚህ ሁሉ አሥር ቀን እንይዛለን። በሜይ 12 ሒሳብ ከሄድን ፒንች የሚደረገው የካቲት ላይ ነው። በኤፕሪል 14 ከሄድን ጥር ላይ ነው። ቀኑ ከዚያ የሚቀድም ከሆነ ግን እዚያው ታኅሣሥ ላይ መጀመር አለብን። ታኅሣሥ ደግሞ ደርሷል።

መጀመሪያ የልጅቷን ቀን እንይ። ሜይ 12 የፈጠራ ቀን አይደለም። የአሜሪካ የእናቶች ቀን ነው፤ የሜይ ሁለተኛ እሑድ። አና ጃርቪስ የምትባል ሴት እናቷ በ1905 ሜይ ላይ ስለሞተችባት እናቶች የሚታሰቡበት ቀን እንዲኖር ስትወተውት ኖራ፣ በ1908 በዌስት ቨርጂኒያ ግራፍተን ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተከበረ። በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን በአዋጅ አጸደቁት። ከዚያ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ሆላንድ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ሌሎችም ይህንኑ እሑድ ወሰዱት። ስለዚህ ማንም ሰው አገር ሳይጠቅስ "Mother's Day 2024" ብሎ ቢፈልግ ብዙ ጊዜ የሚመጣለት ይኸው ነው። ልጅቷ ያገኘችው መልስ ለጥያቄዋ ትክክል ነው። ጥያቄው ውስጥ ግን እንግሊዝ የሚል ቃል አልነበረም።

የእንግሊዙ መነሻው ሌላ ነው። "Mothering Sunday" ይባላል፣ ከአሜሪካው በፊት የነበረ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። በጾማቸው አራተኛ እሑድ ሰዎች ወደ እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዱ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆችም በዚያ ቀን ፈቃድ አግኝተው ቤተሰባቸውን ይጠይቁ ነበር። ልማዱ እየከሰመ ሄዶ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደገና ተነሣ። ቀኑ ግን ከጾሙ ጋር እንደተጣበቀ ቀረ። አየርላንድም ይህንኑ ነው የምታከብረው።

ስለዚህ ጋሼ ደንቡን በትክክል ያውቁታል። ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ማለትም ሃያ አንድ ቀን በፊት። ችግሩ የትኛው ፋሲካ የሚለው ነው። በ2024 የእኛ ፋሲካ ሜይ 5፣ የምዕራቦቹ ደግሞ ማርች 31 ነበር። አምስት ሳምንት ይለያያል። አንዳንድ ዓመት፣ ለምሳሌ በ2025፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ስለሚውሉ በእኛ ፋሲካ የቆጠረም ሰው ትክክለኛውን ያገኛል። ለዚህ ነው ይህ አቆጣጠር ለዓመታት ሳይታወቅ ሊሄድ የሚችለው።

«አራተኛ እሑድ» የሚለውንም በእኛ ጾም መቁጠር አያዋጣም። የእኛ ዐቢይ ጾም ስምንት እሑድ አለው፤ አራተኛው መፃጉዕ ነው። የእነሱ ስድስት ብቻ ስለሆነ አራተኛው ከፋሲካ ሦስት ሳምንት ይቀድማል። መፃጉዕ ከእኛ ፋሲካ አምስት ሳምንት ይቀድማል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ስብሰባው ላይ ያደረግነውን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ። gov.uk ላይ "Bank holidays" የሚለውን ገጽ ከፈትኩ። የእናቶች ቀን እዚያ ላይ አይገኝም፤ እሑድ ስለሆነ የሕዝብ በዓል ተብሎ አይመዘገብም። "Easter Monday" ግን አለ፤ የ2024ቱ ኤፕሪል 1 ይላል። ስለዚህ ፋሲካቸው ከዚያ በፊት ያለው እሑድ፣ ማርች 31 ነው። ሃያ አንድ ቀን ሲቀነስ ማርች 10። ከዚያ timeanddate.com ላይ ገብተን አገሩን "United Kingdom" ብለን፣ ዓመቱን 2024 አድርገን አየነው። እሱም ማርች 10 አለ። ሁለት የማይገናኙ ምንጮች ሲስማሙ ልቤ ያርፋል።

ማርች 10 በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2016 ነው። ጋሼ የግድግዳውን ካላንደር አዩና «ጾማችን እኮ የሚገባው በማግሥቱ ሰኞ ነው!» አሉ። እውነት ነው፣ የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር። የእኛ ጾም ሳይጀመር የእነሱ አራተኛ እሑድ ደርሷል።

የአምናው ማርች 19ም ለ2023 ልክ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካቸው ኤፕሪል 9 ስለዋለ። ከዓመት ዓመት ግን ስለሚንቀሳቀስ የአምናን ፋይል መገልበጥ አይሆንም። ፋሲካቸው ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ስለሚዋዥቅ የእንግሊዝ የእናቶች ቀን ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 4 ባለው ውስጥ ይውላል። ከዚህ የወጣ ቀን ካያችሁ የሌላ አገር ነው።

ቀኑ ሲታወቅ ሥራው ከበደ። ለቫለንታይን ፒንች ያደረግናቸው ብሎኮች ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ተቆርጠው ያልቃሉ፤ በየካቲት ማለቂያ ሁለተኛ ዙር አይሰጡም። ማርች 8 ደግሞ የሴቶች ቀን ነው፤ ምሥራቅ አውሮፓ በጣም ይገዛል። ስለዚህ ለእንግሊዝ የሚሆነው አበባ ከሴቶች ቀን አበባ ጋር በአንድ ሳምንት ይቆረጣል፣ በአንድ ሳምንት ካርጎ ይፈልጋል። ጋሼ ያልተነኩ ሁለት ግሪንሃውሶች መርጠው በታኅሣሥ 10 አካባቢ ፒንች እንዲደረጉ አዘዙ። እኔ ለደንበኛው ቀኑን ጽፌ አረጋገጥኩ፤ ከፊሉ አጭር ዘንግ ያለው አበባ እንዲሆንም ተስማማን። ልጅቷ ደግሞ የካርጎ ቦታውን ከሌሎቹ ቀድማ ያዘች።

ያን ቀን ከሰዓት እኔና እሷ ተቀምጠን ሠንጠረዡን አዲስ አደረግነው። አንደኛው ዓምድ አበባው የሚሸጥበት አገር ነው፤ የገዢው ቢሮ ያለበት አገር አይደለም። ይህ ደንበኛ ሆላንድ ነው፣ አበባው ግን እንግሊዝ ነው የሚሸጠው። የሆላንድን ብንፈልግ ተመልሰን ሜይ ላይ እንወድቅ ነበር። ቀጥሎ የደንቡ ዓምድ አለ፣ ቀኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡን ስትጽፉት አገሮቹ በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ። ቀኑ የማይነቃነቅ አለ። ፖላንድ ሁልጊዜ ሜይ 26 ነው። ግብፅ ከ1956 ጀምሮ በጸደይ መግቢያ ማርች 21 ታከብራለች፤ ብዙዎቹ የዐረብ አገሮችም ይህንኑ ይዘዋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች አበባ ለሚልክ ሰው ይህ ቀን መረሳት የለበትም። ሁለተኛው የወሩ ስንተኛ እሑድ የሚባለው ነው። ኖርዌይ የፌብሩዋሪ ሁለተኛ እሑድ ነው፤ በ2024 ፌብሩዋሪ 11፣ ቫለንታይን ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው ዋለ። ለዚህ ዓይነቱ ኤክሴል ይበቃል። `A2` ላይ ዓመቱን ጽፋችሁ የሜይን ሁለተኛ እሑድ እንዲህ ታገኛላችሁ፦

```
=DATE(A2,5,15)-WEEKDAY(DATE(A2,5,7))
```

መልሱ ሁልጊዜ ከ8 እስከ 14 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ካልሆነ ቀመሩ ተሳስቷል።

ሦስተኛው ከፋሲካ ጋር የተያያዘው ነው፣ እንደ እንግሊዝ። ፈረንሳይ ከሁለተኛውም ከሦስተኛውም አላት። የሜይ የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ያ እሑድ ጰራቅሊጦሳቸው ከሆነ ግን ወደ ጁን የመጀመሪያ እሑድ ይሻገራል። በ2023 ጰራቅሊጦስ ሜይ 28 ስለዋለ የእናቶች ቀናቸው ጁን 4 ሆነ። በ2024 ወደ ሜይ 26 ተመለሰ። የፈረንሳይን በአገሩ ቋንቋ "Fête des mères" ከነዓመቱ ብላችሁ ብትፈልጉ ከአሜሪካው ጋር አይቀላቀልባችሁም። የጀርመኑ "Muttertag" ነው።

የአባቶች ቀንም እንዲሁ የተበታተነ ነው፤ አበባ ብዙ ስለማይገዛበት ግን እኛ ብዙም አንጨነቅበትም። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሆላንድ የጁን ሦስተኛ እሑድ ላይ ተስማምተዋል። ጣሊያንና ስፔን በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ ማርች 19 ያከብራሉ። ጀርመን ዕርገት ላይ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ሐሙስ ይውላል፣ እሱም ከምዕራቡ ፋሲካ ይቆጠራል። ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ እስከ ኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ ይቆያሉ። ጁን ላይ ለስዊድን የአባቶች ቀን ካርድ ያለበት እቅፍ አዘጋጁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አገሩን ደግማችሁ ጠይቁት።

አሁን ሠንጠረዣችን ላይ የ2027 መስመር ተሞልቷል። የእንግሊዝ ፋሲካ ማርች 28፣ የእናቶች ቀን ማርች 7። በእኛ የካቲት 28 ቀን 2019። በማግሥቱ የሴቶች ቀን ነው፣ ቫለንታይን ደግሞ ልክ ሦስት ሳምንት ይቀድመዋል። ጋሼ ያን መስመር በቀይ አስምረውበታል፤ ለእንግሊዝ የሚሆኑት ግሪንሃውሶች በታኅሣሥ 8 አካባቢ ፒንች መደረግ አለባቸው።